የካራቫጆ «የማቴዎስ መጠራት»፦ መስኮቱ ካላበራ ብርሃኑ ከየት መጣ?

ሰብለ ዘደሴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ላይ ለተማሪዎች የሥዕል ክበብ አንድ የቆየ የዘይት ቀለም ሥዕል ይዘን፣ ቅንብሩን፣ ብርሃኑንና ቀለሙን እያየን ሠዓሊው ምን ሊል እንደፈለገ ለማውጣት እየሞከርን ነው። የመረጥነው የካራቫጆን «የማቴዎስ መጠራት» ነው። ሮም በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን፣ ኮንታሬሊ በሚባለው ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው። በኤ2 ወረቀት አሳትመን ለጥፈነዋል።

ሦስት ነገር ላይ ተቸንክረናል። አንደኛ፣ ሥዕሉ ውስጥ መስኮት አለ፤ ልጆቹ ግን «ብርሃኑ ከመስኮቱ አይመስልም» ይሉኛል። ሁለተኛ፣ ከተቀመጡት ማቴዎስ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ጌታ ዋናው ሰው ሆኖ ሳለ ለምን ጥግ ላይ፣ ያውም በጥላ ውስጥ ቆመ? ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ሰው በሰው ስለሆነ ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት ግራ ያጋባል።

ብሩሽና ቡርሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። መስኮት የተሣለው ብርሃን እንዲገባበት ነው፤ ለሌላ ለምን ይሣላል? ጨለማው ኃጢአት ነው፣ ብርሃኑ ጸጋ ነው። ቀለሙን ደግሞ እንዲህ አንብቢው፦ በፈረንጆቹ ሥዕል ቢጫ የይሁዳ ቀለም ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ቢጫ እጅጌ ያለው ልጅ ከሃዲው ነው። ማቴዎስ ጺማሙ ነው፤ በጣቱ ራሱን እያሳየ «እኔን ነው?» ይላል። አለቀ።

ጦሳ ግርጌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ብሩሽና ቡርሽ ስለ ጸጋው ልክ ነህ፤ ስለ መስኮቱ ግን ሥዕሉን ሳታይ ነው የጻፍከው። ሰብለ፣ ለልጆቹ እንዲህ አድርጊላቸው፦ መስኮቱን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኚና «ሥዕሉ ጨለመ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ምንም አይጎድልም። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ብርሃን በደንብ በማያሳልፍ ነገር የተወጠረ ነው። ከሱ የወጣ ጨረር ፊትም ሆነ ጠረጴዛ ላይ አያርፍም።

የብርሃንን ምንጭ ለማግኘት ሁልጊዜ ከጥላ ነው የሚጀመር። የእያንዳንዱን ሰው የአፍንጫና የአገጭ ጥላ ፈልጊ፣ ጥላው ወደየት እንደወደቀ በእርሳስ ቀስት አድርጊ፣ ከዚያ ቀስቶቹን ወደ ኋላ መልሰሽ አስረዝሚ። ሁሉም ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ፣ ከክርስቶስ ራስ በላይ፣ ከሸራው ውጭ ወዳለ ቦታ ይሄዱልሻል። ግድግዳው ላይም የብርሃኑ ጠርዝ በግልጽ ተሥሏል፤ ከክርስቶስ በላይ ተነሥቶ ሰያፍ እየሆነ ወደ ተቀመጡት ይወርዳል። በሳር ቤት ውስጥ በሩ ሲከፈት የምድጃውን ጢስ ሰንጥቆ የሚገባውን ጨረር ያየ ልጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ይህ ጥግ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ሥዕሉ የተሰቀለው በጸሎት ቤቱ ግራ ግድግዳ ነው። ፊትሽን ወደ ሥዕሉ ብታዞሪ መንበሩ በቀኝሽ ይሆናል፤ እውነተኛው የጸሎት ቤቱ መስኮትም ከመንበሩ በላይ ነው። ስለዚህ የተሣለው ብርሃን ከመንበሩ በኩል፣ ከእውነተኛው ብርሃን ጋር በአንድ አቅጣጫ ይመጣል። ሸራው ውስጥ ያለው መስኮት የሞተ ነው፣ ሸራው ውጭ ያለው ግን ሕያው ነው። እኔ ከመልእክቱ ግማሹን የማነበው እዚህ ላይ ነው፦ ቀራጮቹ ባሉበት ቤት ብርሃን የለም፤ የሚመጣው ከውጭ፣ ከጠሪው ጋር ነው።

እንግዲህ ጠሪውን ተመልከች። ከክርስቶስ የሚታየው የፊቱ ገጽታና እጁ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሌላውን ጴጥሮስ ከልሎታል። እጁን ግን ማንም አልከለለውም። በስተግራ የተቀመጡት አምስቱ እንደ አንድ የተጋደመ ጭነት ናቸው፤ በስተቀኝ የቆሙት ሁለቱ እንደ ምሰሶ ናቸው፤ በመካከላቸው ጨለማ ክፍተት አለ። ያንን ክፍተት የሚሻገረው እጁ ነው። ብዙ ሰው «ዓይን የሚሄደው ወደ ደማቁ ቦታ ነው» ይላል። ስልክሽ ላይ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጪና ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው፦ ደማቆቹ የመሐለኛው ልጅ ፊትና የጀርባው ወጣት ባለመስመር እጅጌ ናቸው እንጂ እጁ አይደለም። እጁ የሚታየው ከጨለማ ፊት ለፊት ብቻውን ስለሆነ ነው። ማግለል ከማድመቅ ይበልጣል፤ ካራቫጆ ይህንን ያውቅበታል።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። «ከዳር እስከ ዳር ሰው በሰው ነው» ብለሻል። ሥዕሉ እንዲያ አይደለም። የላይኛው ግማሹ ባዶ ግድግዳና መስኮት ነው፤ ሰዎቹ በሙሉ ከግማሽ በታች ነው የታጨቁት። ኅትመትሽን ፎቶ አንሥተሽ ብትለጥፊው?

ሰብለ ዘደሴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡01

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶው ይኸው። ከመስኮቱ የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱ ምንም ነጭ ዳር ሳይተርፈው ሞልቷል፤ ያ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ጦሳ ግርጌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡19

ገባኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ቆርጦታል። ልኩ ይህ ነው፦ ዋናው ሥዕል ቁመቱ 322፣ ወርዱ 340 ሳንቲሜትር ነው፤ ለካሬ የቀረበ። ኤ2 በአግድም ሲያዝ 59.4 በ42 ነው። ወርዱ 59.4 ሆኖ ወረቀቱን እንዲሞላ ከተደረገ ቁመቱ 56 ሳንቲሜትር ከምናምን መሆን ነበረበት፤ ወረቀቱ ያለው ግን 42 ነው። 14 ሳንቲሜትር፣ ማለት ከሥዕሉ ሩቡ ተጥሏል። የቆረጠውም ሰው እንደማንኛውም ሰው «ባዶ» የመሰለውን የላይኛውን ጨለማ ነው የጣለው።

ያ ጨለማ ባዶ አይደለም። ጨረሩ የሚጓዝበት ሜዳ ነው። እሱ ሲጠፋ ብርሃኑ መነሻ ያጣል፤ ልጆቹም ግራ የተጋቡት ለዚህ ይመስለኛል። እንደገና ስታሳትሚ ቁመቱ 42፣ ወርዱ 44.3 ይሁን በያቸው፤ በግራና በቀኝ ሰባት ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነጭ ይተርፋል፤ ይትረፍ። ተገልብጦ እንዳይታተምም ተጠንቀቂ፤ ክርስቶስ በቀኝሽ መሆን አለበት።

የላስታ ቀለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እንደምን አደራችሁ። እኔ የምሥለው በሀገራችን ወግ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው የማነበው። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ፊቱ ወደ ሰው ይዞራል። በአንድ ዓይን፣ ገጹ በጎን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ የቅዱሳን ገዳይ ነው። እዚህ ጌታ በጎን ተሥሏል፣ ግማሽ ፊቱም ጨልሟል። በእኛ ዓይን ይህ ስድብ ነው። ሠዓሊው ምን ማለቱ ነው?

ዘሀራ ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡58

ወላሂ ጥያቄው የኔም ነው፣ በሌላ በኩል። እኔ ወንጌሉን አላውቀውምና ሥዕሉን ያለ ታሪኩ ነው ያየሁት። ለኔ የታየኝ ገንዘብ ሲቆጥሩ ሁለት ሰው በሩ ላይ መጥቶ «አንተን ይፈልጉሃል» ያላቸው ነው። ሁለቱ መጪዎች በባዶ እግር ናቸው፣ ተቀማጮቹ ላባ ያለው ቆብ፣ ቬሉዶ ልብስ፣ ሰይፍ። ደኻው ሀብታሙን እየጠራው ነው። ተሳስቻለሁ?

ጦሳ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ዘሀራ፣ ምንም አልተሳሳትሽም፤ እንዲያውም ታሪኩን ከሚያውቁት ብዙዎች ይልቅ አይተሻል። ማቴዎስ ቀራጭ፣ የግብር ሰብሳቢ ነበር። ተቀማጮቹ የለበሱት በካራቫጆ ዘመን፣ በ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ የነበረውን ልብስ ነው፤ ክርስቶስና ጴጥሮስ ደግሞ የጥንቱን መጎናጸፊያ። ሠዓሊው ሁለት ዘመን በአንድ ክፍል አስገብቷል። ሁሉንም የጥንት ልብስ ማልበስ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ድምቀት ያላቸው ቀለሞችም፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ነጭና ጥቁር መስመሩ፣ ተቀማጮቹ ጋ ነው የተሰበሰቡት። ጠሪዎቹ በቀለም ደኻ ናቸው። ብሩሽና ቡርሽ ያነሣው ቢጫ እዚህ ይመለሳል፦ ይሁዳን ቢጫ ማልበስ እውነትም ልማድ ነው፤ ግን ጴጥሮስንም ቢጫ መጎናጸፊያ ማልበስ ልማድ ነው። ቀለም ብቻውን ስም አይሰጥም። ከማን አጠገብ ነው፣ ብርሃን ስንት አግኝቷል፣ ሌላ ማን ለብሶታል ብሎ ማየት ይጠይቃል። መሐል ያለው ልጅ በሙሉ ፊቱ ብርሃኑን እያየ ነው፤ ከሃዲ ብለን የምንፈርድበት ነገር የለም።

የላስታ ቀለም፣ ያነሡት ጥያቄ ከባዱ ነው። የኛ ሥዕል ምንጭ ያለው ብርሃን የለውም፤ ፊቱ ራሱ ያበራል፣ ጥላም አይጥልም። ስለዚህ ትርጉሙ የሚሸከመው በዓይንና በፊት አዟዟር ነው። ካራቫጆ ያንን ሸክም ከዓይን አንሥቶ ለብርሃን ሰጥቶታል። በሱ ቋንቋ «ማን ቅዱስ ነው» የሚለው በፊት አዟዟር አይነገርም፤ «ማን ወደ ብርሃኑ ዞሯል» በሚለው ይነገራል። በእርስዎ ሕግ ይህን ሥዕል ብናነብ ጌታን እንሳደባለን፤ በሱ ሕግ ደግሞ የቤተ ማርያምን የግድግዳ ሥዕል ብናነብ «ጥላ አያውቁም» እንላለን። ሁለቱም ስሕተት ነው። ክርስቶስ ቅዱስነቱን የያዘው በራሱ ላይ ባለች ቀጭን የብርሃን ቀለበት ነው፤ ካልቀረቡ አትታይም።

ጥላው ግን ሌላ ነገርም ያመጣል፤ ጨረሩ ከሱ በላይና ከኋላው ስለሚመጣ ክርስቶስ ከብርሃኑ ጋር ይገባል፣ ብርሃኑም እሱ ወደሚያየው ይሄዳል።

የላስታ ቀለም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡12

ተቀብያለሁ፣ ግማሹን። ቀለበቷን አጉልቼ አየኋት። ግን ልማዱን የሚያውቅ ሠዓሊ «ካልቀረቡ አትታይም» ብሎ የጌታን ምልክት መደበቁ አሁንም አይዋጥልኝም።

ሰዒድ ወልድያ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05

ሰላም ናችሁ። ስለ አሮጌ የዘይት ሥዕል ካነሣችሁ፣ ቤታችን አንድ አለ፤ ቡና ቡና የመሰለ፣ ሰማዩ አረንጓዴ የሆነ። ሎሚ ወይም የተቆረጠ ድንች ብናሽበት ቀለሙ ይመለሳል ይላሉ። ሠዓሊው ሰማዩን ለምን አረንጓዴ እንዳደረገው ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሐይቅ ዳር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

ሰዒድ፣ አብሽር፣ ግን ሎሚም ድንችም እንዳታስነካው! ሎሚው አሲድ ነው፣ የድንቹ ውሃና ስታርች ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቀለሙ ይነሣል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ፣ ያውም ቀለሙ የተላጠበት ከሌለ። ሌላውን ለባለሙያ ተወው።

ሰማዩን ግን ሠዓሊው አረንጓዴ አላደረገው ይሆናል። ከላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ሲያረጅ ይወይባል፤ ወይባ መስታወት ጀርባ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ነጩም የቅቤ መልክ ይይዛል። ለማወቅ በክፈፉ ጠርዝ ተሸፍኖ የኖረውን ዳር ተመልከት፤ እንዲሁም ሥዕሉ ውስጥ አንድም ንጹሕ ነጭ ከሌለ፣ የሸሚዝ አንገትጌ ሳይቀር ቢጫ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቫርኒሹ ነው።

ይህ ለሰብለም ይጠቅማል። ካራቫጆ የሚጀምረው በነጭ ሳይሆን ቡናማ በሆነ የሥር ቅብ ላይ ነው። ጥላ በሚፈልግበት ቦታ ያንን ቡናማ በስሱ ቀብቶ ይተወዋል። ዘይት ደግሞ ከዘመን ብዛት እያሳለፈ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥላዎቹ ከዋናው ይበልጥ ይጨልማሉ፣ በውስጣቸው የነበረው ዝርዝርም ይሰምጣል። አንዳንድ ቀለሞችም ይከዳሉ፦ ከመስታወት የሚሠራው ስማልት የሚባለው ሰማያዊ ይገረጣል፣ ከመዳብ የሚወጣው አረንጓዴ ቡናማ ይሆናል፣ ከነፍሳት የሚገኘው ቀይ ይለቃል። ስለዚህ «እዚህ ጋ ጨለማ አደረገው» ከማለታችን በፊት፣ አደረገው ወይስ ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። ጦሳ ግርጌ በጠርዝና በአቅጣጫ የተናገረው ግን አይናወጥም፤ ቀለም ይጠቁራል እንጂ የጥላ አቅጣጫ አይዞርም።

ሰዒድ ወልድያ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡41

እሺ። ድንቹን ለወጥ መልሰነዋል።

ብሩሽና ቡርሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

መስኮቱን ሸፍኜ አየሁ። ልክ ናችሁ፤ ተሸንፌያለሁ። ታዲያ የማያበራ መስኮት ለምን ሣለው? መተው ይችል ነበር እኮ።

ጦሳ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

ጥሩ ጥያቄ፤ ለማንኛውም ነገር ይህን ነው መጠየቅ። መተው እየቻለ ካስገባው ሐሳብ አለበት። ጠረጴዛ እግር ያስፈልገዋል፣ ከእግሩ ትርጉም አትፈልግ። መስኮት ግን የግድ አልነበረም። እኔ ሁለት ሥራ አይበታለሁ። አንዱ፣ የዓለሙ ብርሃን እንደማይሠራ ማሳየት። ሁለተኛው፣ የመስኮቱ ማገሮች መስቀል ይሠራሉ፤ መስቀሉም ከተዘረጋው እጅ በላይ ነው የሚውለው። ሁለተኛውን በእርግጠኝነት አልምልበትም፤ ማንኛውም ባለማገር መስኮት መስቀል አለው። ያለበት ቦታ ነው የሚያጠራጥረኝ።

ወደ እጁ ልመለስ፤ ስለሱ ገና አልጨረስኩም። ያ እጅ የተቀዳ ነው። ሚኬላንጄሎ በሲስቲን ጸሎት ቤት «የአዳም አፈጣጠር»ን ሲሥል አዳም የዘረጋውን፣ አንጓው ላላ ያለውን እጅ አስቢ፤ ካራቫጆ አቅጣጫውን ገልብጦ ለክርስቶስ ሰጥቶታል። ብዙዎች የእግዚአብሔር አብ እጅ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ የአብ ጣት ግን የተወጠረ ነው፣ ይህ ለስለስ ያለ ነው። የአዳም ነው። ጳውሎስ ክርስቶስን «ኋለኛው አዳም» ይለዋል፤ ሮም ውስጥ ሁለቱንም ሥዕል ሊያይ የሚችል ካህን ነገሩ አያመልጠውም። ጴጥሮስም ያንኑ ምልክት በትንሹ ይደግመዋል። በኤክስሬይ ሲታይ ጴጥሮስ መጀመሪያ አልነበረም፣ ኋላ ነው የተጨመረው። ስለዚህ የክርስቶስ አካል መሸፈን ከመነሻው የታሰበ አልነበረም፤ ሠዓሊው ሥራ ላይ እያለ ሐሳቡን ቀይሮ፣ በጠሪውና በተጠሪው መካከል ቤተ ክርስቲያንን አቆመ። ሰብለ፣ ሦስተኛው ጥያቄሽ እዚህ ነው የሚመለሰው፦ ጌታ የተከለለው በጴጥሮስ ነው።

እግሮቹንም ሳታዪ አትለፊ። የክርስቶስ እጅ ወደ ውስጥ ይጠራል፤ እግሮቹ ግን ወደ መውጫው ዞረዋል። ወንጌሉ «ከዚያ አልፎ» ነው የሚለው፤ በመንገድ ላይ ነው፣ አይቀመጥም።

ዘሀራ ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

አሁን ወደ ማቴዎስ እንምጣ። እኔ በጺማሙ አልስማማም። ጣቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ወደ ደረቱ አይደለም የሚያመለክተው፤ ወደ ጎን ያልፋል፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም ወደሚቆጥረው ወጣት። «እሱን ነው?» እያለ ነው። ለኔ ማቴዎስ ገና ያልሰማው ነው። ቀና ለማለት አንድ ቅጽበት የቀረው።

ብሩሽና ቡርሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡18

አይ ዘሀራ፣ ይሄማ ጣትን እንደፈለጉ ማጠፍ ነው።

ጦሳ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡02

አትሳቅባት፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ በምሁራን ዘንድም የተነሣ ክርክር ነው። የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ላስቀምጥ።

ለጺማሙ የሚቆመው ይኸ ነው፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የካራቫጆን ሕይወት የጻፈው ቤሎሪ፣ ማቴዎስ ሳንቲም መቁጠሩን ትቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ጌታ ዞረ ብሎ ነው ያነበበው። ካራቫጆን የተከተለው የኡትሬኽቱ ቴር ብሩኸን በ1621 ይህንኑ ታሪክ ሲሥል ማቴዎስን ራሱን የሚያሳይ ጺማም ሽማግሌ አድርጎታል። ለዘመኑ የቀረቡት እንዲያ ነው ያዩት ማለት ነው። በዚያው ጸሎት ቤት ባሉት ሌሎች ሁለት ሥዕሎችም ማቴዎስ ጺማም ነው።

ለወጣቱ የሚቆመው ቦታው ነው። ጎብኚው የሚቆመው በጸሎት ቤቱ መግቢያ ነው፤ ከዚያ ሲታይ የሥዕሉ ግራ ጫፍ ቅርብ፣ ክርስቶስ ሩቅ ይሆናል። በቅርብ የሚያገኘው ሰው ያ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ከልጁ በኩል በጎን ብታዩት የጺማሙ ጣት ከፊት ለፊት ሲታይ ከሚመስለው ይልቅ ወደ ልጁ የሄደ ይመስላል። ሰብለ ይህን መሞከር ትችላለች፦ ኅትመቱን ከመተላለፊያ ግራ ግድግዳ፣ በሰው ቁመት ስቀሉት፤ ልጆቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ከግራ ጫፉ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ብለው በሰያፍ ይዩት። ከዚያ ፊት ለፊት። ምላሻቸውን ሳትነግሪያቸው ጻፊው።

ለኔ ክርክሩን የሚያጠበው ውሉ ነው። ገንዘቡን በኑዛዜ የተወው ብፁዕ ካርዲናል ኮንታሬሊ በ1585 ሞቷል፤ ምን እንዲሣል ግን አስቀድሞ በዝርዝር ተጽፏል፦ የመቅረጫ ቤት፣ መዝገብ፣ የሚቆጠር ገንዘብ፣ ማቴዎስም ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ጌታ ለመሄድ ሲል፣ ጌታም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲያልፍ። ካራቫጆ በ1599 ውሉን ይዞ በ1600 አጠናቀቀ። አሁን ውሉን ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት። ማንም አልተነሣም! ደቀ መዛሙርቱም አንድ ጴጥሮስ ብቻ ሆኑ። የተለየበት ቦታ የሠዓሊው ድምፅ ነው፤ ያዘዙት ሰው ያልጻፉለት እዚያ ጋ ነውና። ውሉ ያዘዘው «ተነሥቶም» የሚለውን እንዲያሳይ ነበር፤ እሱ «ተከተለኝ» እና «ተነሥቶም» መካከል ያለውን ዝምታ ሣለ።

ዝምታውን ነው ካልን ደግሞ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች አስፈላጊ ይሆናሉ። አንገቱን የደፋው ወጣትና ከሱ በላይ መነጽር አድርጎ የሚያጎነብሰው ሽማግሌ። ብርሃኑ እነሱም ላይ ያርፋል፤ አያዩትም። መነጽሩ እንኳ ለሳንቲም ነው የተደረገው። ጺማሙ ማቴዎስ ከሆነ እነዚህ ያልሰሙት ናቸው። ወጣቱ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ከመስማት በፊት ያለ ቅጽበት ነው።

ዘሀራ ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ታዲያ አንተ ጋሼ፣ የቱ ጋ ነህ?

ጦሳ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡26

ጺማሙ ጋ፤ ቴር ብሩኸን ያስረኛል። ከሰያፍ ባየሁት ቁጥር ግን እወላውላለሁ።

የላስታ ቀለም | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እኔም ከዘሀራ ጋር ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። በእኛ ወግ እጅ የሚያመለክተውን ዓይን ይከተላል። ጺማሙ የሚያየው ጌታን ነው፣ ጣቱ የሚሄደው ግን ወደ ሌላ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት አቅጣጫ ከተሰጠው፣ እሱ መካከለኛ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

የሐይቅ ዳር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ይሄ ጥሩ ነው። ግን አንድ ቅጽበት፦ ቀኝ እጁ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ገንዘቡ አጠገብ ነው። አንዱ እጅ ገንዘብ ጋ፣ ሌላው ጣት ወደ ደረት፣ ዓይን ወደ ጌታ። ይህ ሁሉ የሚመጥነው ለሚወላውል ሰው ነው፣ ማለት ለተጠራው። ኅትመት ላይ ጣቱን ስትመዝኑ ደግሞ ከብዙ ፎቶ አወዳድሩ፤ በካሜራ ንፅፅር በጨመሩት ላይ የጣቱ ጥላ ጠቁሮ ጣቱን ያስረዝመዋል።

ሰብለ ዘደሴ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50

አዲሱ ኅትመት 42 በ44.3 ሆኖ ወጣ፣ መስኮቱም ሙሉ ነው። ለ11 ልጆች እንደተባለው በሰያፍ አሳየኋቸው፣ ኋላ ፊት ለፊት። በሰያፍ ሰባቱ «አንገቱን የደፋው ነው» አሉ፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ከሰባቱ አራቱ ወደ ጺማሙ ሄዱ። አንዷ ደግሞ «ለምን መሐል ያለው ልጅ አይሆንም፣ ብርሃኑ እኮ ከሁሉ ይልቅ ለሱ ነው» አለች። ይህንን ምን ልበላት?

ጦሳ ግርጌ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥቁርና ነጩን ምስል ስጫትና እጁን ፈልጊ በያት። ከዚያ ጠይቂያት፦ ብዙ ብርሃን ያገኘው ነው የተጠራው፣ ወይስ ጣት የተዘረጋለት? የምትመልሰውን እዚህ ጻፊልን።

ዘሀራ ኮምቦልቻ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡34

ሰባት ለአራት። ተመዝግቧል።